ከመስኮቱ ሥር የበቀለው ቺያ

ኡበይደላ ከሞተ ወዲህ ቡርቱካን «ደከመኝ» ብላ አታውቅም። ደከመኝ የሚል ሰው «እስቲ አረፍ በይ» የሚለው ሊኖረው ይገባል። እሷ ደግሞ ከባሏ ሞት በኋላ በቤት የቀሯት አማቷ አብዱልሐሊም ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከእሷ የባሰ የደከሙ፣ አንድ ልጃቸውን በእጃቸው አፈር ያለበሱ ሽማግሌ። ሁለት ደካሞች በአንድ ግቢ እየተጠባበቁ ይኖራሉ። ጧት እሷ ቀድማ ከነቃች የእሳቸውን በር ታዳምጣለች፤ እሳቸው ቀድመው ከነቁ ደግሞ እሷ እንድትሰማ ብለው ያስላሉ። በሕይወት መኖራቸውን የሚነጋገሩት በዚህ ነበር።

ኡበይደላን የገደለው ሆዱ ነው። አንጀቱ ተጠማዞ ሳለ «ይለቀኛል፣ ይለቀኛል» እያለ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። ሚስቱ ስትጠይቀው ነፋስ ነው አለ፤ አባቱ ሲጠይቁት ደግሞ ቁርጠቱን ዋጥ አድርጎ ሊስቅ ሞከረ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። ቀደዱት፣ አልነቃም። ሐኪሞቹን ማንም አልወቀሰም፤ የዘገየው እሱ ነው። ቡርቱካን ግን ያንን ግድግዳ እስከ ዛሬ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

መርሳ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ፌጦ፣ ነጭ አዝሙድ በየከረጢቱ አፉን ከፍቶ ይደረደራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቺያ የሚሉት ተጨምሯል። ከሰሊጥ ያነሰ፣ ግራጫና ጥቁር የተዥጎረጎረ፣ በእጅ ሲያፍሱት እንደ ውሃ የሚያመልጥ ፍሬ ነው። መጀመሪያ የጠየቋት የቢሮ ሴቶች ነበሩ፤ ውፍረት ለመቀነስ ጥሩ ነው ተብለው። ቀጥሎ ስኳር ያለባቸው መጡ፤ ከዚያ ሆዳቸው የደረቀ። የወልድያው አከፋፋይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገራት፤ እንደ ተልባ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሲያብጥ ይጠጣል። እሷም ለገዢ ሁሉ ይህንኑ ትደግማለች። ለምን እንደሚዘፈዘፍ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም አልጠየቀችም።

አማቷ ሆዳቸው እንደደረቀ ያወቀችው ራሷ ነው። ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፣ ይቆያሉ፣ ሲመለሱ ግንባራቸው ወርዝቶ ከንፈራቸው ነጥቶ ነው። ከለቅሶው ወዲህ ጉርሻቸው አንሷል፣ መንቀሳቀስ ትተዋል። ውሃም ቢሆን ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ማታ ማታ ወደ ጓሮ ላለመውጣት ብለው አይጠጡም። ይህን ሁሉ ታያለች፤ ግን ምራት አማቷን «ሆድዎ እንዴት ነው፣ ይወጣልዎታል?» ብላ አትጠይቅም። ከሞተባት ባሏ አባት ጋር እንዲህ ያለ ወሬ የምታነሣበት አፍ የላትም። ረመዳን ሊገባ ሲል ነገሩን ወደ ጎን አድርጋ አመጣችው።

«አብዬ፣ ይኸ ቺያ የሚሉት ለጾመኛ ጥሩ ነው ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሆድ አያስርብም አሉ።»

«እንደ ጥቁር አዝሙድ ነው?» አሉ።

«እንደዚያው ነው፤ ዘፍዝፌ ነው የማቀርብልዎ።»

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ከኢፍጣር ቀደም ብላ በብርጭቆ ዘፍዝፋ፣ በሰሃን ከድና፣ ከክፍላቸው መስኮት ደፍ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ተራዊህ ሰግደው ሲመለሱ እንዲጠጡት ነው። ጧት ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ባዶ ብርጭቆ ማየት ደስ ይላት ነበር። ከአንድ ዓመት ወዲህ በእጇ ያዘጋጀችው ነገር ለሰው ጤና የሆነ የመሰላት ያኔ ነው።

አንድ ምሽት ኢፍጣር ላይ፣ ተምሩን ገና ሳይቀምሱ፣ ሽማግሌው ትን አላቸው። ደረታቸውን በጡጫ መቱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ጥቂት ቆዩ። ውሃ ስትሰጣቸው በትንሽ በትንሹ ተጎነጩ። ሲለቃቸው «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» አሉ። ቀኑን ሙሉ የደረቀ ጉሮሮ ነውና አመነች።

ረመዳን ሲጋመስ ምግብ እየቀነሱ መጡ። ሾርባው ይመለሳል፣ ሳምቡሳው ሳይነካ ያድራል። አንድ ቀን ጧት ግቢውን ልትጠርግ ስትወጣ ከመስኮታቸው ሥር ያለው አፈር አረንጓዴ ለብሶ አየች። እንደ ጨርቅ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሁለት ሁለት ክብ ቅጠል ያለው ችግኝ ነበር። አረም በበጋ ከየት መጣ ብላ በመጥረጊያው ጫፍ ነካ አደረገችው። ሥር ላይ የደረቀ ንፍጥ የመሰለ ነገር አለ። ሌላ ሥራ ነበረባትና ትታው ዞረች። ስትዞር ነው አማቷን ያየቻቸው።

ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ያንኑ ግድግዳ። አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ ሌላው የግድግዳው ጭቃ ላይ። ሆዳቸው ከጀለቢያው ሥር ተነፍቷል፤ እግራቸው አጠገብ ያስመለሳቸው አረንጓዴ ውሃ።

«ይለቀኛል» አሏት።

ቡርቱካን አልተከራከረችም፤ አልጮኸችምም። መጥረጊያውን አስቀመጠች፣ ኮታቸውን አመጣችና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች፣ ለጎረቤታቸው ለባለ ባጃጁ ለጀብሪል ደወለች። ጤና ጣቢያ ሆዳቸውን ነካክተው ሲያበቁ ወደ ወልድያ እንድትወስዳቸው ነገሯት። ጀብሪል መናኸሪያ አደረሳቸውና ከሚኒባሱ የፊት ወንበር ለምኖ አስቀመጣቸው። መኪናው ሲሪንቃን አልፎ ሽቅብ ሲል ሽማግሌው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያቃስታሉ። የእርሻ ሠርቶ ማሳያው አረንጓዴ ማሳ በመስኮት ሲያልፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ቡርቱካን» አሉ።

«አቤት አብዬ።»

«እንዳታስቀድጂኝ። ልጄ የገባበት አልገባም። ቃል ስጪኝ።»

ቃል ብትሰጥ ልትገድላቸው ነው፤ ባትሰጥ ደግሞ ወደ ቤት መልሺኝ ሊሏት ነው። የጀለቢያቸውን እጅጌ ያዘችና እስከ ወልድያ ሳትለቅ ሄደች።

ሆስፒታሉ ሞልቶ ነበር። ራጅ ተነሡ፣ ለምርመራ ደም ሰጡ፣ ግሉኮስ ተሰካላቸው። ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና ለቡርቱካን በቀስታ አስረዳት። አንጀታቸው በአየር ተነፍቷል፤ ወይ ተጠማዟል፣ ወይ አንድ ነገር ከታች ዘግቶታል። ፎቶው ብቻውን አይለይለትም። ከታች በኩል በጣት መመርመር አለባቸው፤ የተጠማዘዘ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጣት ባዶ ያገኛል፣ የተዘጋ ከሆነ መዝጊያው ይገኛል። ሽማግሌው ግን ይህን በሰሙ ጊዜ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። አይሆንም አሉ። ከተወለዱ ጀምሮ ማንም ያላየውን ማንም አያይም።

ሐኪሙ ብዙ አልለመናቸውም። ሆዱ እየጠነከረ፣ የልብ ምታቸው እየፈጠነ ከሄደ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ብቻ እንደሚጠብቅና ከዚያ በኋላ ቢለይለትም ባይለይለትም ሆዳቸውን መክፈት እንዳለበት ተናግሮ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። የአስር ሰላት ማለቱ አልነበረም፤ ግን ቡርቱካን የሰማችው እንደ አዛን ነው።

አጠገባቸው ባለው አልጋ ገብረሕይወት የሚባሉ የወልድያ ሰው ተኝተዋል። ቤተሰባቸው ከትግራይ የመጣ፣ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያሳለፉ፣ አሁን የሽንት ቱቦ ተሰክቶላቸው ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፈው የሚተኙ። እሳቸውም ዐቢይ ጾም ላይ ናቸው።

«ሼህ፣ እርስዎም ጾመኛ ነዎት እንግዲህ» አሉ አንገታቸውን አዙረው።

«ሼህ አይደለሁም» አሉ አብዱልሐሊም፣ በሕመማቸው መሃል።

«እኔም ቄስ አይደለሁም፤ ግን እዚህ አልጋ ላይ ሁላችንም አንድ ነን፣ ሱሪያችንን ወስደውብናል።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ቡርቱካን ተነሣች። የአማቷን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ለመጥረግ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄዳ ጨርቁን ነክራ ተመለሰች። ሲጠረግላቸው ተስቢሃቸውን ጠየቁ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው አሉ። እጇን ሳታደርቅ ከተተች። ተስቢሁን ስትስበው ጣቶቿ ላይ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ተለጥፎ ወጣ።

ተስቢሁን ሰጥታ ፍሬውን ልታራግፍ ሞከረች፤ አልራገፍ አለ። ተቀምጣ አየችው። በየቀኑ የምትመዝነው ነገር ነው፤ ቺያ ነው። እያየችው እያንዳንዷ ፍሬ በጣቷ እርጥበት ዙሪያዋን ጥርት ያለ ነጭ ነገር ትለብስ ጀመር። ሁለቱን ጣቶቿን ብታላቅቅ ክር ሠራ። ያን ጊዜ የጧቱ አረንጓዴ ትዝ አላት፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ሥሩ ላይ የደረቀ ንፍጥ። በየጧቱ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ብርጭቆ። ኢፍጣር ላይ ትን ያላቸው ምሽት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጣቶቿን አሳየቻቸው።

«አብዬ፣ የዘፈዘፍኩልዎን በመስኮት ይደፉት ነበር?»

ተስቢሁን መቁጠር አቆሙ።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አሉ። «የእንቁራሪት እንቁላል ይመስላል። አፌ እምቢ አለኝ።»

«ይኼንንስ?»

«ይኼንንማ ከከረጢትሽ እየዘገንኩ በኪሴ አኖራለሁ። እንደ ጥቁር አዝሙዱ ነው ብለሽኝ የለ። በመዳፌ አድርጌ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ አንድ ጊዜ ጉንጭ አድርጌ መዋጥ። ሱሁር ላይም አፍጥር ላይም። ሆዴ ሲብስ ጊዜ እፍኙን ጨመርኩ።» ቀጥለውም «መድኃኒት አይደል» አሉ።

ጥቁር አዝሙድን እንዲህ ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ የዋጡት፤ አባታቸውም እንዲሁ። ደረቁን በመዳፍ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ፣ አለቀ። ጥቁር አዝሙድ ውሃ አግኝቶ አያብጥም። ይህን ማን ያስብ ነበር?

ቡርቱካን ተነሥታ ጤና መኮንኑን ተመስገንን ፈለገችው። ጧት ግሉኮሱን የሰካላቸው እሱ ነው፤ ፊቱ ገራገር፣ ጫማው ያለቀ። ጣቷን አሳየችው፣ የሆነውን ነገረችው። ሲሰማት ቆይቶ አብሯት መጣና አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። በደረቁ መዋጣቸውን፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። በዚህ ጊዜ መለሱለት። ውሃው በቀን ውስጥ ከጾሙ የተነሣ የለም፤ ማታም ከሁለት ጉንጭ አያልፍም።

ተመስገን ጣቷ ላይ ያለውን እየጠቆመ አስረዳቸው። ይህ ፍሬ ክብደቱን ወደ አስር እጥፍ ውሃ ይይዛል። ብርጭቆ ውስጥ ከጠጣ ጠግቦና ሙልጭልጭ ብሎ ይወርዳል። በደረቁ ከዋጡት ግን ውሃውን የሚፈልገው ከሰውየው ነው። ጉሮሮ ላይ ቢይዝ እዚያው አብጦ ምግብ ማለፊያውን ሊዘጋ ይችላል፤ ያቺ ምሽት ትን ያላቸው ጊዜ ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ ያለፈው ደግሞ አንጀት የማይፈጨው አሰር ነው። አሰር መጥፎ ነገር አይደለም፤ ውሃ ሲኖር ውሃውን ይይዝና ዓይነ ምድሩን ያለሰልሰዋል፣ ያበዛዋል፣ ይገፋዋል፤ ለዚህም ነው ለድርቀት ጥሩ የሚባለው። ውሃ ከሌለ ግን ያው ብዛቱ ብቻ ይቀራል። አንጀት ደግሞ ቀስ ባለ ቁጥር ያለችውን እርጥበት መልሶ ይመጣታል። አሮጌ አንጀት፣ መቀመጥ፣ ጾም፣ ጥቂት ውሃ፣ በዚያ ላይ በየቀኑ እፍኝ።

«ጭቃ ረግጦ እንደ መጠቅጠቅ በሉት» አለ። «ከሆነ እንግዲህ። ልክ መሆኔን የማውቀው ስመረምርዎ ነው።»

«አይሆንም ብያለሁ» አሉ።

ተመስገን ቡርቱካንን አያት። ቡርቱካን ደግሞ ደክሟት ነበር። እንዲህ ያለ ድካም ሰውን ወይ ያስለቅሳል ወይ ያናግራል።

«አብዬ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ኡበይደላን ቢላ አልገደለውም። እፍረት ነው የገደለው። እኔን አፈረኝ፣ እርስዎን አፈረዎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሞተ። በሰዓቱ ቢናገር ኖሮ ዛሬ እዚህ ያመጣዎት እሱ ነበር። አሁን እርስዎ እኔን አፍረው ሊሞቱ ነው። ሞተው ሲያበቁ እኮ አጥቢ ያይዎታል። ሳይሞቱ አንድ ሰው ቢያይዎት ምን አለ? እኔ ከእንግዲህ ሁለተኛ ከፈን መግዛት አልችልም። አቅሙ የለኝም፤ ወላሂ አቅሙ የለኝም።»

ገብረሕይወት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔን ትናንት እዚሁ መረመሩኝ» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ። «ሦስት ተማሪ ቆሞ እያየ። ከመሞት ይሻላል፤ ብዙም ባይሆን ትንሽ ይሻላል።»

የአብዱልሐሊም ሆድ ከብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀጠቀጥ ቡርቱካን አለቀሱ ብላ ደነገጠች። እየሳቁ ነበር፤ ሳቁ ስላሳመማቸው ወዲያው «ያ ረቢ» አሉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ለቀቁት።

«ምራቴ ትውጣ» አሉ።

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው ጋር ቆመች፤ ልትደገፈው ስትል ተወችው፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ያለፈ ሰው ሁሉ ረገጣት ማለት ይቻላል፤ አልተነሣችም። ስለ ኡበይደላ አሰበች፤ ያኔም እንዲህ ኮሪደር ላይ ነበረች፣ ያኔም በር ነበር የምታየው። ከዚያ በር ሐኪም ሲወጣ ፊቱን ሳታይ እግሩን ነበር ያየችው፤ ቀስ ብሎ ይራመድ ነበር። አሁንም ተመስገን ሲወጣ መጀመሪያ ያየችው ያለቀውን ጫማ ነው። ፈጥኖ ይመጣል።

የተጠማዘዘ አይደለም አላት። ልክ የአንጀቱ መውጫ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ዓይነ ምድር ሞልቷል፤ ጓንቱ ላይ ፍሬው ሳይቀር ይታያል። ቀዶ ሐኪሙም መጥቶ አይቶ ለመጠበቅ ተስማማ፤ ሆዳቸው እየጠነከረ መሆን አለመሆኑን ግን በየጊዜው ነክቶ ያያል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የቢላ አይደለም፤ የትዕግሥት ነው።

ትዕግሥቱ ረጅም ነበር። ተመስገን ጓንት እየቀየረ በጣቱ ጥቂት በጥቂቱ አወጣ። ዘይት ያለበት ለብ ያለ ውሃ ከታች በቱቦ ተሰጣቸው፤ ቆይቶ ተደገመ። በግሉኮሱ ሰውነታቸው ሲረጥብ ምላሳቸው ልዝብ ማለት ጀመረ። በመሃል በመሃል አስነሥታ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ታራምዳቸዋለች፤ ግሉኮሱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ በሌላው ብብታቸውን ይዛ። በክፍላቸው በር ባለፉ ቁጥር ገብረሕይወት ከአልጋቸው ላይ «ገና ነው?» ይላሉ። «ገና ነው» ይሏቸዋል። ሦስተኛ አራተኛ ዙር ላይ ሲሆን ሽማግሌው ድንገት ቆሙና ክንዷን ጨበጡ። ሽንት ቤቱ በር ላይ አደረሰቻቸውና ዞር አለች።

ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ላብ ሞልቶታል፣ ገርጥቷል፣ ግን ግንባራቸው ላይ የነበረው ቋጠሮ ተፈትቷል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ለራሳቸው።

አንሶላውን እሷ አጠበች። ማንም አላዘዛትም፤ ግቢው ቧንቧ ሥር ቁጭ ብላ በሳሙና አሸችው። ሽታው ይከብዳል። አንዲት አስታማሚ አፍንጫዋን ይዛ ስታልፍ ቡርቱካን ቀና ብላ አየቻት እንጂ አላፈረችም። ከባሏ የቀረው ይህ ሽታ ቢሆን ኖሮ፣ አለች በልቧ፣ በደስታ ባጠብኩት።

አስር ሰዓት አለፈ። ሊቀድዳቸው የመጣ ሐኪም አልነበረም።

በማግስቱ ጧት ሊወጡ ሲሉ ተመስገን ለሁለቱም ነገራቸው። በቀሩት የረመዳን ቀናት አይጾሙም፤ ውሃ በየሰዓቱ፣ ፓፓያ፣ ሾርባ፣ በእግር ወዲያ ወዲህ። ቺያውን ሆዳቸው በደንብ እስኪያገግም ይተዉት። በኋላ ከፈለጉ አንዲት የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ቢቻል ግን ማደሩ ይሻላል፤ በላዩ ላይ ሌላ ውሃ። መጨመር ካስፈለገ ቀስ በቀስ። ሽማግሌው ስለ ቺያው አልሰሙትም፤ የሰሙት አይጾሙም የሚለውን ነው። ልጃቸው ከሞተ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ረመዳን ነበር፤ ለእሱ ዱዓ እያደረጉ ሊጨርሱት አስበው ነበር። እስከ መርሳ ድረስ አልተናገሩም። ሲሪንቃ ጋ ብቻ፣ ወደ ማሳው እያዩ፣ «ይህንን ቺያም አፈር ላይ ነው መዝራት የነበረብኝ» አሉ። ከዚያ የዘሩት ከመስኮታቸው ሥር መሆኑ ትዝ አላቸው መሰል፣ ወደ ምራታቸው ሳይዞሩ ፈገግ አሉ።

ገበያ ላይ ቡርቱካን የቺያውን ከረጢት ከጥቁር አዝሙዱ አጠገብ አንሥታ ከተልባው ጎን አስቀመጠችው። ገዢ ሲመጣ ፍሬዋን በእርጥብ ጣቷ ታሳየዋለች። ሲያብጥ እያዩ ይገረማሉ። ቸኩያለሁ የሚላትን «እንግዲያው አትግዛኝ» ትለዋለች። አንዳንዱ ሳይገዛ ይሄዳል።

ኢድ አለፈ። በሸዋል ወር ቡርቱካን ያመለጧትን የረመዳን ቀናት ቀዷ ትከፍል ጀመር፤ ጾሟን ያፈረሰችበትን የሆስፒታሉን ቀን ሳይቀር። አብዱልሐሊም በዚያ ሰሞን ጓሮ ሄደው ቶሎ ይመለሳሉ፤ ማንቆርቆሪያውን እንደ ወጣት እያወዛወዙ። አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ ከገበያ ስትመለስ ከቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ፊታቸው ብርጭቆ አለ። ራሳቸው ነበሩ የዘፈዘፉት፤ አንዲት ማንኪያ፣ ከዋዜማው ጀምሮ። በማንኪያ እያነሡ ያዩታል።

«የእንቁራሪት እንቁላል ነው፤ ምንም አልተለወጠም» አሉ።

«ይድፉት እንግዲህ አብዬ፣ መስኮቱ ያው ነው።»

«አልደፋም» አሉና ጎነጩ። ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ ደገሙ፣ በላዩ ውሃ ጠጡ። ጾመኛ ፊት ሲጠጡ አፈሩና ብርጭቆውን ወደ ጎን ሸሸግ አደረጉት። ቡርቱካን ዘንቢሏን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከግቢው ማዶ ግድግዳው ይታያል። ፊቷን አላዞረችም። ለማስቆም ጉልበት ስላጣች ይሆናል፣ ቃሉ ከአፏ አምልጦ ወጣ።

«አብዬ፣ ደክሞኛል።»

ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ ሲጠብቁት የነበረ ነገር የደረሰ ይመስል ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ግቢና ተኚ። እኔ ነቅቻለሁ፤ ለአፍጥር እቀሰቅስሻለሁ።»

ገብታ ተኛች። ከውጭ ሲያስሉ ትሰማቸው ነበር፤ አለሁ ለማለት ነው። ሳሉ ሲደገም አልሰማችም፤ እንቅልፍ ወስዷታል።